ለባንክ 60 በመቶ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሐረር ላይ 5 ክፍል ይህን ያህል ይሞላል?

የፈላና በር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አያታችን ጁገል ውስጥ የተወችልን ጌይ ጋር የሚባል የሐረሪ ባህላዊ ቤት አለ። ከእህቴ ጋር ሆነን አድሰን የእንግዳ ማረፊያ ልናደርገው ነው። ክፍሉ 5 ነው። ለባንክ የሚቀርብ ዕቅድ እየጻፍኩ ነው፤ ሁሉም ነገር አልቆ አንድ ቁጥር ላይ ቀርቻለሁ።

ኤክሴሌ ላይ እንዲህ አልኩ። 5 ክፍል በ30 ቀን፣ በ12 ወር፣ 1,800 ይመጣል። 60 በመቶው ይሞላል ብዬ 1,080 አልጋ ያዝኩ። አንዱን በ2,500 ብር ስሸጠው 2,700,000 ብር በዓመት። 60ን ያገኘሁት ኢንተርኔት ላይ ካየሁት የሌላ ሰው ዕቅድ ነው። እውነት ለመናገር ለምን 60 እንደሆነ አላውቅም። ምርቃቱን መጋቢት 2019 ላይ፣ ለሸዋል ዒድ አስቤዋለሁ። ያኔ ከተማው ይሞላል፣ ስማችንም አብሮ ይወጣል ብዬ ነው።

ሐረር ወይም ድሬ ላይ አልጋ የሚያከራይ ካለ ቁጥሬን ይየው። አትራሩልኝ።

ድሬ ከዚራ

አቦ ወንድሜ፣ 60 ምን አላት! እኔ ድሬ ላይ 14 ክፍል ፔንሲዮን አለኝ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አልጋ የለም እላለሁ። ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ ለሥራ የመጣው አለ። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ስልጠና ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በጀቱ ሰኔ 30 ሳይዘጋበት ሰው ሰብስቦ ያሰለጥናል። ቅዳሜና እሁድ ነው የሚቀዘቅዘው። ሙቀቱን አትፍራ፣ ቬንትሌተር ግዛ። 60 ጻፍ፣ ባንኩም ደስ ይለዋል።

የእንግዳ መዝገብ

ልጄ፣ እኔ ጁገል ውስጥ 6 ክፍል ቤት ይዤ 11 ዓመት እንግዳ አሳድሬያለሁ። አሁን ለእህቴ ልጅ ሰጥቼ አርፌያለሁ። መዝገቡ ግን እኔ ጋ ነው። የገባ፣ የወጣ፣ ስንት ሌሊት እንዳደረ በእጄ የጻፍኩት።

መጀመሪያ ጳጉሜን ረስተሃል። ዓመቱ 365 ሌሊት ነው፤ ባለ 5 ክፍል ቤት 1,825 አልጋ ይሸጣል እንጂ 1,800 አይደለም። ትንሽ ናት፣ ግን ዘበኛው በጳጉሜም ደመወዙን ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ 60ን ተወውና ዓመቱን በሌሊት ዓይነት ከፋፍለው። እኔ እንደዚህ ነው የማየው፤ ክፍሉን ባንተ 5 አድርጌልሃለሁ።

ከጥቅምት እስከ ጥር አራት ወር ፈረንጅ የሚመጣበት ነው። ዝናቡ አብቅቷል፣ አየሩ ደስ ይላል። በነዚያ ወራት ጥሩ በሚባል ዓመት በአማካይ ከ5ቱ 2 ክፍል ተይዞ ያድራል። አንዳንድ ሌሊት 4፣ አንዳንድ ሌሊት ባዶ። የታኅሣሡን ቁልቢ 3 ሌሊት ለብቻው ላወጣው፣ የቀረው 117 ሌሊት ነው። 234 አልጋ።

የካቲት 2019 ሙሉውን ረመዳን ነው። ጨረቃዋ አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ ብትል ነው እንጂ፣ ወሩን ከዳር እስከ ዳር ይይዘዋል። ለእሱ በሁለት ሌሊት አንድ ክፍል ያዝ፤ 15 አልጋ።

የበዓል ሌሊቶች ሸዋል ዒድ 3፣ ቁልቢ በታኅሣሥ 3፣ በሐምሌ 3። ሁሉም ሙሉ ይሁኑልህ። 9 ሌሊት በ5 ክፍል 45 አልጋ።

የቀረው 209 ሌሊት ነው። ከመጋቢት እስከ መስከረም ማለት ነው። በአማካይ 1 ክፍል። 209 አልጋ።

ደምረው። 503 ይመጣል። ከ1,825 ስታሰላው 28 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ድሬ ያለው ወንድሜ ያለው እውነት ነው፤ ግን ለድሬ። ስልጠና የሚመጣ ሰው ደረሰኝ ይፈልጋል፣ መኪናውን በሩ ላይ ማቆም ይፈልጋል፣ ሽንት ቤቱም ክፍሉ ውስጥ እንዲሆን ይፈልጋል። ያንተ ቤት መንገዱ መኪና አያስገባም። ያ ሰው ከግንቡ ውጭ አዲሱ ከተማ ውስጥ ነው የሚያድረው።

ስለት አለብኝ

እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዓሉን አሳንሰው አዩት። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ስንት ሕዝብ እንደሚወርድ አላዩም? እኔ በየዓመቱ እሄዳለሁ። አልጋ ጠፍቶ መኪና ውስጥ ያደርንበት ዓመት አለ። ያን ቀን የፈለከውን ዋጋ ብትጠራ ይከፈላል። ሐምሌ 19 ደግሞ ይደገማል። አንድ ባለሆቴል ጓደኛዬ ቁልቢ ብቻውን ዓመቱን ይሸፍናል ብሎኛል።

የእንግዳ መዝገብ

ሕዝቡን አይቻለሁ፣ ስለትዎን ይቀበልልዎ። ግን አስቡት። ሕዝቡ አንድ ሺህ ቢሆን፣ መቶ ሺህም ቢሆን፣ ልጁ ያለው 5 ክፍል ነው። ስድስተኛው ሰው ሲመጣ "ሞልቷል" ብሎ ይመልሰዋል። የተመለሰው ሰው ነሐሴ ላይ መጥቶ ባዶውን ክፍል አይሞላለትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቁልቢን ጫና ያይና ዓመቱን ያጠጋጋል። ጫናው ከጣሪያ በላይ ነው፣ የሚቆጠረው ግን እስከ ጣሪያው ድረስ ያለው ብቻ ነው። 9ኙም የበዓል ሌሊት ጢም ብሎ ቢሞላ ከዓመቱ 2 በመቶ ተኩል ነው።

ደግሞ ብዙው ምዕመን እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያድራል። ሐረር ድረስ መጥቶ የሚያድረው መኪና ያለው ነው።

ዋጋ መጨመር ይቻላል፣ እሱ ልክ ነው። በሁለቱ ቁልቢዎች 30 አልጋ ይሸጣል። ኮሚሽንና ቅናሽ ወጥቶ እጁ የሚገባውን በአንድ አልጋ 2,000 ብንል፣ በእጥፍ ሲሸጠው የሚጨምርለት 60,000 ብር ነው። የወር ወጪው ስንት ነው ልጄ?

የፈላና በር ልጅ

ለካ ታላቅ ሰው ነዎት፣ ይቅርታ። "አትራሩልኝ" ያልኩት እርስዎን አይመለከትም 🙏

የብድሩ ክፍያ፣ ዘበኛ፣ ሁለት ሠራተኛ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ኢንተርኔት አንድ ላይ በወር 65,000 ብር ያህል። አንድ ክፍል ሲያዝ ደግሞ ለቁርስ፣ ለአጠባና ለሳሙና 400 ብር ይወጣል ብዬ አስልቻለሁ።

የድሮ ብድር ክፍል

እንግዲያውስ እዚህ ጋ ልግባ። ባንክ ቤት ብድር ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ሐረር አላውቅም፣ ስለ ወረቀቱ ግን አውቃለሁ።

ከአንድ አልጋ 2,000 ይገባል፣ 400 ይወጣል፣ 1,600 ይተርፋል። ቋሚ ወጪህ በዓመት 780,000 ነው። ለ1,600 ስታካፍለው 487 ተኩል፣ ማለትም 488 አልጋ። ያን ካልሸጥክ ከኪስህ ትጨምራለህ። እሳቸው ያሰሉልህ 503 ነው። በዓመት የሚቀርህ 24,800 ብር። የቁልቢውን ጭማሪ ብታክልበት 84,800። ኪሳራ አይደለም፣ ግን አንድ የውሃ ፓምፕ ቢቃጠል ያልቃል።

እኔ በሥራ ዘመኔ ያየሁት ስህተት ግን ዓመቱ ላይ አልነበረም፣ ወሩ ላይ ነበር። ዓመቱ ትርፍ ያሳያል፣ ደንበኛው ሰኔ ላይ ክፍያ ያቆማል። ያንተን በወር እይ። በጥሩ ወር 60 አልጋ ይሸጣል፤ 96,000 ገብቶ 31,000 ይተርፋል። በቀዝቃዛው ወር 30 አልጋ ነው፤ 48,000 ይገባል፣ 17,000 ይጎድላል። በረመዳኑ ወር 24,000 ብቻ ስለሚገባ 41,000 ይጎድላል።

አሁን መጋቢት ላይ ከፈትክ እንበል። ሸዋል ዒድ 3 ሌሊት ሞላልህ፣ ፎቶ ተነሳህ። ከዚያ እስከ መስከረም ሰባት ቀዝቃዛ ወር አለ። 119,000 ብር ጉድለት። ሸዋል ዒድና የሐምሌው ቁልቢ ትንሽ ቢመልሱልህም 80,000 ግድም ከኪስ ነው። ያውም ማንም ስምህን በማያውቅበት የመጀመሪያ ዓመት። ጥቅምት ላይ ብትከፍት ግን እስከ ጥር አራት ጥሩ ወር ታገኛለህ፤ 124,000 ይዘህ ወደ ረመዳን ትገባለህ።

ስለዚህ ወይ እድሳቱን አፍጥነህ ለጥቅምት 2019 አድርስ፣ ወይ ደግሞ የእፎይታ ጊዜው እስከ ቀጣዩ ጥቅምት እንዲዘልቅ ተደራደር። የእፎይታ ጊዜ ግን ወለዱን አያቆመውም፤ ብዙ ሰው ይህን ሲፈርም አያይም።

ድሬ ከዚራ

ዋሪያ ለምን ሐረር ላይ ትደክማለህ? ድሬ ና፣ ቦታ አሳይሃለሁ። ባቡርም አውሮፕላንም እዚሁ ነው።

የፈላና በር ልጅ

@ድሬ ከዚራ የአያቴን ቤት በመኪና ጭኜ ልምጣ? 😄

ዳኘው ጋይድ

በጉብኝት ሥራ ላይ ነኝ፣ ቱሪስት ይዤ ሐረር እመላለሳለሁ። እማማ ያሉት ብዙው ልክ ነው። የረመዳኑ ላይ ግን አልስማማም። እውነት ነው፣ ቀን ጁገል ውስጥ ምሳ ማግኘት ችግር ነው፣ ከተማውም ይተኛል። ማታ ግን ሌላ ነው። መንገዱ ሁሉ ሰው፣ ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ ሌሊቱን ሙሉ ብርሃን። አንዴ የወሰድኳቸው ሁለት ሴቶች ለጅብ ማብላት መጥተው ሁለት ሌሊት ሊያድሩ አስበው አራት አደሩ። ባለቤቱ ቀን ላይ ምሳ ቤቱ ውስጥ ቢያቀርብ፣ ማታ ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር ቢያስፈጥር ይሸጣል። በሁለት ሌሊት አንድ ክፍል የሚለው ረመዳንን ዝም ብሎ ለሚያሳልፍ ቤት ነው።

የእንግዳ መዝገብ

የሚወደው እንግዳ አለ፣ አልካድኩም። ግን የሚወደው መጥቶ ካየው በኋላ ነው። ከመምጣቱ በፊት የጉዞ ድርጅቱ "ረመዳን ነው" ብሎ ቀኑን ያዛውረዋል። የኔ መዝገብ የሚያሳየው ያን ነው። ምናልባት ያንተ ዓይነት ሰው በሩ ላይ ቢቆም ይለወጥ ይሆናል፤ እኔ አልሞከርኩትም።

ለልጁ ግን ስለ ረመዳን ሌላ የምለው አለኝ። ባንኩ የሚያበድርህ ለስንት ዓመት ነው? አምስት ከሆነ አምስቱን ዓመት ለየብቻ ጻፍ። ቁልቢ አይንቀሳቀስም፣ ታኅሣሥ 19 ሁልጊዜ ታኅሣሥ 19 ነው። ረመዳንና ሸዋል ዒድ ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣሉ። በ2019 ረመዳን የካቲትን ያዘ። በ2022 ከታኅሣሥ መጨረሻ ይጀምርና ጥርን ይበላል። ገናም ጥምቀትም ረመዳን ውስጥ ይገባሉ ማለት ነው። ጥር ደግሞ በኔ መዝገብ ከሁሉም ወር የተሻለው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ጥሩ ቢሆን እንኳ፣ አራተኛውን ዓመት እሱን ኮፒ አድርገህ አትጻፍ። ብዙ ሰው አንዱን ዓመት 10 በመቶ እየጨመረ ይገለብጠዋል።

ጨረቃ ካነሳን አይቀር አንድ የራሴን ስህተት ልንገርህ። ሸዋል ዒድ ከዒድ በኋላ ስድስቱ ጾም ተጹሞ ነው። አንድ ዓመት ከውጭ የመጡ እንግዶች ቀኑን ከወራት በፊት ይዘው ገንዘብ ከፍለው ነበር። ጨረቃ በአንድ ቀን ዘገየች። እነሱ የበዓሉን ሌሊት ሳያዩ መሄድ አልፈለጉም፣ ክፍሉ ደግሞ በማግስቱ ለሌላ ተሰጥቷል። ሁለት ቤተሰብ ነደባው፣ የሳሎኑ መደብ ላይ ፍራሽ አንጥፌ አሳደርኩ። አልተቀየሙኝም፣ እንዲያውም ወደዱት። ከዚያ ወዲህ ግን ለሸዋል ዒድ አንድ ሌሊት ብቻ አልሸጥም። ሦስት ሌሊት አንድ ላይ፣ ካልሆነ የለም።

ስለት አለብኝ

ዳያስፖራውስ? ሐምሌና ነሐሴ ከካናዳ፣ ከአሜሪካ የሚመጣው ሐረሪ ሁሉ የት ነው የሚያድረው?

የእንግዳ መዝገብ

እናቱ ቤት! 😄 አልጋ ልከራይ ቢል ዘመዱ ይቀየመዋል። የሚከራየው ፈረንጅ ጓደኛ ወይም ባል ይዞ የመጣ ነው። እሱም አንዳንዴ።

ገበታ

እኔ አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። የ5 ክፍሉ ቤት በሙሉ ለብቻው የሚሸጥ ነው? ሐረር አንዴ አድሬያለሁ። ወደኔ ክፍል ለመግባት በሌላ ሰው ክፍል በኩል ነበር የማልፈው። ሌሊት ሽንት ቤት ስወጣ አንድ ጀርመናዊ ቀሰቀስኩ።

የፈላና በር ልጅ

ወይኔ። ሁለቱ ክፍል እንደዚያ ነው። በትልቁ ሳሎን በኩል ነው የሚገባው፣ አንዷ ደግሞ በሌላዋ ውስጥ። ግድግዳ እንዳንሰነጥቅ ቅርስ ነው።

የድሮ ብድር ክፍል

እንግዲያው 5 አይደለም ያለህ። ሁለቱ ለማይተዋወቁ ሰዎች የማይሸጡ ከሆነ፣ ቤተሰብ ካልመጣ በቀር 4 ነው። 4 ክፍል በ365 ሌሊት 1,460 ነው። 488ቱን ለመሸጥ 33 በመቶ ከላይ መሙላት አለብህ። በዓሉም 45 ሳይሆን 36 አልጋ ይሆናል። ባንኩ ይህን አይጠይቅህም፤ አንተ ራስህን ጠይቅ።

የፈላና በር ልጅ

ተመለስኩ። ሁለት ሳምንት ጠፍቼ ነበር።

እማማ በውስጥ መስመር የነገሩኝን አደረግኩ። ጁገል ውስጥ ላሉ ሦስት ማረፊያዎች እንደ ደንበኛ ደወልኩ። "ማክሰኞ ለዛሬ አልጋ አለ?" ስል ሦስቱም አለ አሉ፣ አንዱ "የፈለከውን ክፍል ምረጥ" አለኝ። ቅዳሜ ደውዬም ሁለቱ አለ አሉ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጣሪያ ላይ የተሰጣውን አንሶላ ቆጠርኩ። ጎረቤቶቼ ምን እንዳሰቡኝ አላህ ይወቅ። አንዱ ቤት በሳምንት ውስጥ ከ4 ክፍል በላይ አንሶላ አላሰጣም።

አንድ ነገር ደግሞ ራሴ አስተዋልኩ። እንግዳው በአብዛኛው ሁለት ሌሊት ነው የሚያድረው። 503 አልጋ ማለት በዓመት 250 ጊዜ ያህል በሩ መንኳኳት አለበት ማለት ነው። ይህን ስጽፈው ከ28 በመቶ ይልቅ አስፈራኝ። 250 እንግዳ ከየት ነው የማመጣው ብዬ ማሰብ የጀመርኩት አሁን ነው።

ዕቅዱን ቀይሬዋለሁ። 4 ክፍል፣ በመጀመሪያው ዓመት 25 በመቶ፣ በሁለተኛው 32። በዚህ ቁጥር የመጀመሪያው ዓመት አይሸፍንም። እህቴ የብድሩን መጠን እንቀንስና ሁለት ክፍል ብቻ አድሰን እንጀምር ትላለች። እኔ ደግሞ ሁለት ክፍል ከሆነ ዘበኛው ያው፣ ሠራተኛው ያው ምን ይጠቅማል እላለሁ። እየተከራከርን ነው።

የእንግዳ መዝገብ

እህትህ አንድ ነገር አይታለች። ሁለት ክፍል ከሆነ ዘበኛና ሁለተኛ ሠራተኛ ለምን? እዚያው ቤት የሚኖር የናንተ ሰው የለም? እኔም በሁለት ነው የጀመርኩት፤ እናቴ ነበረች ቁርስ የምትሠራው። ግን ቤቱን ሳላየው አልፈርድም። ሐሙስ ጠዋት እኔ ጋ ኑ፣ ሁለታችሁም። መዝገቡን አወጣዋለሁ፣ ቡናም አለ። አድራሻውን በውስጥ እልክልሃለሁ።

ድሬ ከዚራ

ከሐሙሱ በኋላ ድሬም ብቅ በሉ። ቦታው አሁንም አለ።